በጆሮ የሚሞላ ቅጽ

ቶክባክ የተባለው የአንድሮይድ ስልክ ማያ ገጽ አንባቢ ሲከፈት የጣት ደንብ ይለወጣል። አንድ ጊዜ መንካት ከእንግዲህ ምንም አይከፍትም፤ ከጣትዎ ሥር ያለውን ነገር ስም ብቻ ያሰማል። ለመክፈት ማያ ገጹን የትም ቦታ ሁለቴ ፈጠን አድርገው መታ መታ ያድርጉ። ወደ ቀኝ ጠረግ ሲያደርጉ ወደሚቀጥለው፣ ወደ ግራ ሲያደርጉ ወዳለፈው ይሄዳል። ገጹን ማንሸራተት ግን ሁለት ጣት ይፈልጋል፤ ጀማሪ የሚናደደውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የምዝገባ ቅጽ እንሙላ። አናቱ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ጋጋታ አንድ በአንድ መስማት የለብዎትም። በሦስት ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ደጋግመው ይጥረጉ፤ «ርዕሶች» ሲል ያቁሙ። ከዚያ በአንድ ጣት ወደ ታች በጠረጉ ቁጥር ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ጽሑፉ ደምቆ ከመጻፉ በቀር በርዕስነት ካልተመዘገበ ግን አንባቢው አያውቀውም፤ ዘሎት ያልፋል።

«ሙሉ ስም፣ የጽሑፍ ሳጥን» ሲል ሁለቴ መታ ያድርጉ፤ የፊደል ሰሌዳው ይወጣል። ጣትዎን ሳያነሱ ሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሱ፤ የፈለጉት ፊደል ሲጠራ ያንሱት፣ ይጻፋል። «የጽሑፍ ሳጥን» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ ቅጹን የሠራው ሰው ለሳጥኑ ስም አልሰጠውም። ወደ ግራ አንዴ ጠርገው ከሳጥኑ በፊት ያለውን ጽሑፍ ያዳምጡ፤ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። እንግሊዝኛውን እያነበበ አማርኛውን ከዘለለ ደግሞ የቅጹ ጥፋት አይደለም፤ እንደ ኢስፒክ ያለ አማርኛ የሚያነብ የድምፅ ሞተር መጫን ያስፈልጋል።