«ኸርባን» ብለው ብቻ አይሽጡት

የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመለዋወጫ ወይም ለሚጠግን ሰው ሊሸጡ ነው? ማስታወቂያው ላይ «ኸርባን» ብለው ብቻ ካለፉ፣ ቃሉ «የተበላሸ» ከማለት ሌላ ምንም ስለማይናገር ገዢው ሞተሩ እንደተቃጠለ ቆጥሮ ዋጋውን ይጥለዋል።

ማሽንዎ ውሃ ይሞላል፣ ያጥባል፤ ነገር ግን ውሃውን አያስወጣም፣ ልብሱንም አይጨምቅም እንበል። ሁለት ብልሽት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ነው፤ ውሃ ውስጡ እያለ ማሽኑ መጭመቅ አይጀምርም።

ለማረጋገጥ ከሶኬት ይንቀሉት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከፊት ለፊት ግርጌ ያለውን ማጣሪያ ቀስ ብለው ይፍቱና ውሃውን በሳህን ይቀበሉ። ሳንቲም ወይም የልብስ ቁልፍ ተቀርቅሮ ከሆነ ያውጡት። ማጣሪያውን አጥብቀው ዘግተው፣ ያለ ልብስ መጭመቅ ብቻ ይዘዙት። በፍጥነት ከተሽከረከረ ሞተሩ ደህና ነው። ከዚያ ጥቂት ውሃ አስሞልተው እንዲያስወጣ ይዘዙትና ያዳምጡ።

አሁንም ካላስወጣ እንዲህ ይጻፉ፦ «ውሃ አያስወጣም። ሲታዘዝ ፓምፑ ድምፅ ያሰማል፣ ውሃው ግን አይወጣም። ማጣሪያው ጸድቷል። ውሃ ይሞላል፣ ያሞቃል፣ ያጥባል፤ ውሃው በእጅ ሲወጣለት ይጨምቃል። ልብስ ማድረቂያው አልተሞከረም።»

«ፓምፑ ተቃጥሏል» ብለው ግን አይፍረዱ። የተደፈነው ቱቦው ሊሆን ይችላል። የሰሙትንና ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ ምክንያቱን ገዢው ይፈልገው።