ለላፕቶፕ ስንት ጊጋባይት ይበቃል? የአንዲት ተመራማሪ ሒሳብ

ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ መደብር ስንገባ ሻጩ አስቀድሞ ከሚጠይቀን ጥያቄዎች አንዱ “ባለ 256 ይሁን ወይስ ባለ 512?” የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ በሻጩ ዘንድ አይገኝም፤ የሚገኘው ገዢው በሚያከማቸው ነገር ዓይነትና መጠን ላይ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን ይህንን ሒሳብ በአንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጉዳይ ላይ ተመሥርተን እናሰላዋለን። ተማሪዋ በሰሜን ተራሮች የጭላዳ ዝንጀሮን ጠባይ የምታጠና ስትሆን፣ ስሟን እንዳንጠቅስ ጠይቃናለች። ለምን እንደ ጠየቀች ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. በጋ ለ60 ቀናት በመስክ ቆይታለች። በየቀኑ በአማካይ 40 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ መንጋውን ለመለየት የሚረዷትን ፎቶግራፎችም ታነሣለች። ይዛው የሄደችው ላፕቶፕ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነበር።

በመጀመሪያ 256 የተባለው ቁጥር ራሱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን የሚቆጥረው አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያበዛ ስለሚቆጥር ያንኑ ዲስክ 238 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የተታለለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የጎደለ ባይት የለም፣ የተለያየው መስፈሪያው ነው። ዊንዶውስ 11 ከነማሻሻያዎቹና ለራሱ ሥራ ከሚይዛቸው ትላልቅ ፋይሎች ጋር ወደ 45 ጊጋባይት ይወስዳል ብለን እንያዝ። የጽሕፈት፣ የስታቲስቲክስና የቪዲዮ ፕሮግራሞች 15 ያህል ይጨምሩበት። 178 ቀረን።

ይህን ሁሉ ግን መሙላት አይገባም። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ አንድን ሰፊ ክፍል በሙሉ መደምሰስ፣ ከዚያም እንደገና መጻፍ አለበት። ይህን ለማድረግ መንቀሳቀሻ የሚሆን ባዶ ስፍራ ያስፈልገዋል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላ መንቀሳቀሻው ይጠብበታል፤ የመጻፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የዊንዶውስ ማሻሻያም ቦታ አጥቶ ይቋረጣል። እኛ በልምድ ከመቶ 15 ያህሉን ባዶ እንተዋለን፤ ይህም 36 ጊጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ 256 ብላ የገዛችው ተማሪ በእጇ ያለው 140 ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። 1,500 የምርምር ጽሑፎች ነበሯት። አንዱ በአማካይ 2 ሜጋባይት ቢሆን በድምሩ 3 ጊጋባይት ይሆናሉ። የመመረቂያ ጽሑፏና ሰንጠረዦቿ ሁሉ ተደምረው አንድ ጊጋባይት አይሞሉም። ለጽሑፍ ሰነድ ሲሉ ትልቅ ዲስክ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጽፍ እንኳ አንድ ፍላሽ ዲስክ ለመሙላት ይቸገራል። ፎቶግራፎቿ 6,000 ሲሆኑ፣ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢይዝ 24 ጊጋባይት ይወጣቸዋል። ባልተጨመቀው፣ “ሮው” በሚባለው ዓይነት በካሜራ ቢነሡ ኖሮ ግን አንዱ 25 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ስለሚይዝ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። እንግዲህ ሰነዱም ፎቶግራፉም በአንድነት 28 ጊጋባይት ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ትንሹ ላፕቶፕ ሰፊ ነው።

ሚዛኑን የሚያዛባው ቪዲዮ ነው። የቪዲዮን መጠን ለመገመት ፋይሉን ማየት አያስፈልግም፤ ካሜራው በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚጽፍ ማወቅ ይበቃል። ያንን ቁጥር ለ8 አካፍለን በ60 ብናባዛው የአንድ ደቂቃውን ሜጋባይት እናገኛለን። የእርሷ ስልክ በ1080 ጥራት ሲቀርጽ በሰከንድ 17 ሜጋቢት ይጽፍ ነበር፤ ይህም በደቂቃ ወደ 130 ሜጋባይት ነው። ስድሳ ቀን በ40 ደቂቃ ሲባዛ 2,400 ደቂቃ፣ 2,400 ደቂቃ በ130 ሜጋባይት ሲባዛ ደግሞ 312 ጊጋባይት። ሰነዶቿና ፎቶግራፎቿ ሁሉ ተደምረው የዚህን አሥራ አንደኛ እንኳ አይሆኑም። ያው ስልክ በ4ኬ ጥራት ቢሆን በሰከንድ 48 ሜጋቢት ስለሚጽፍ በደቂቃ 360 ሜጋባይት፣ በጠቅላላው 864 ጊጋባይት በሆነ ነበር። ዝንጀሮው ሣር ነቀለ ወይስ ጎረቤቱን አሸተተ የሚለውን ለመለየት 1080 በቂ ነው። ብዙ ሰው ዲስክ ለመግዛት ከመሯሯጡ በፊት የስልኩን የጥራት ምርጫ ቢመለከት ችግሩ በግማሽ ይቃለልለት ነበር።

ከ140 ላይ 28ቱን ስንቀንስ ለቪዲዮ 112 ጊጋባይት ይተርፋል። በደቂቃ 130 ሜጋባይት ሲሰላ 850 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም የሦስት ሳምንት ቀረጻ ነው። ታዲያ በአራተኛው ሳምንት ምን ይደረግ?

እርሷ ያደረገችው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። ባለ አንድ ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛች፤ ላፕቶፑ በሞላ ቁጥርም የቆየውን ቪዲዮ ቆርጣ ወደዚያ ታዛውር ጀመር። ከመስክ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ዲስኩ እየሠራ ሳለ የወንበር እግር ገመዱን ስቦ ከጠረጴዛ ላይ ጣለው። ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ዲስኩ ግን ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ አንባቢው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። እየተሽከረከረ ሲወድቅ ራሱ ሳህኑን ይነካል፤ ጠፍቶ ቢወድቅ ኖሮ ራሱ ከሳህኑ ወጥቶ በማረፊያው ላይ ስለሚሆን የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ በሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሰከንዱ “ጠቅ፣ ጠቅ” የሚል ድምፅ መጣ። ይህ ድምፅ ራሱ መንገዱን ፈልጎ እያጣ የሚመላለስበት ድምፅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ አንድ ብቻ ነው፦ ገመዱን ነቅሎ ዳግም አለመሰካት። እርሷ ግን ለሁለት ቀናት እየነቀለች ሰካች። ከዚያም አንድ ጠጋኝ በተራ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፈተው፤ አቧራ ገባ። ከ2,400ው ደቂቃ የተረፈው ገና ከላፕቶፑ ያልተዛወረው የመጨረሻው የሦስት ሳምንት ቀረጻ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተቀረጸው የሁለት ወንዶች ፍልሚያና የመንጋው መከፋፈል በእርሷ ማስታወሻ ደብተር እንጂ በሌላ ስፍራ የለም። ስሟን እንዳንጠቅስ የጠየቀችው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን ጥፋቱን የእርሷ ብቻ አድርገን አንመለከተውም።

ትልቅ ላፕቶፕ ቢሆንስ?

ታሪኩን የሰሙ ባልደረቦቻችን “መጀመሪያውኑ ባለ 512 ብትገዛ ኖሮ” ብለው ነበር። ሒሳቡን እናስላው። 512 የተባለው በዊንዶውስ 477 ሆኖ ይታያል። 60 ለሥርዓቱና ለፕሮግራሞቹ፣ 70 ያህል ለባዶ ስፍራ ሲቀነስ 345 ገደማ ይቀራል። የእርሷ ቪዲዮ፣ ፎቶግራፍና ሰነድ በጠቅላላው 340 ነው። ለጥቂት ያልፋል። የሚቀጥለው ዓመት በጋ ሲመጣ ግን አይበቃም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውም አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ቡና ይፈስበታል። በብዙ ስስ ላፕቶፖች ኤስኤስዲው ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ማሽኑ ሲበላሽ ፋይሉን ነቅሎ ማውጣት ያስቸግራል።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ላፕቶፑ ዛሬ የምንሠራበትን ይያዝ፤ ያለቀውና አልፎ አልፎ የምንመለከተው ወደ ውጭ ይውጣ። ሰነድና ፎቶግራፍ ብቻ ላለው 256 ይበቃዋል። ቪዲዮ አልፎ አልፎ ለሚቀርጽ 512 ምቹ ነው። አንድ ቴራባይትና ከዚያ በላይ መግዛት የሚገባው በየመንገዱ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ነው፤ የሚቆረጥና የሚቀጠል ቪዲዮ በሚሽከረከር ውጫዊ ዲስክ ላይ ሆኖ ሲሠራ ይንቀረፈፋልና። ወደ ውጭ የሚወጣው ግን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተጠበቀም። ለዚህች ተማሪ ከትልቅ ላፕቶፕ ይልቅ ባለ 256ቱና ሁለት ውጫዊ ዲስኮች የተሻሉ ነበሩ።

ሁለተኛው ቅጂ በኢንተርኔት ቢቀመጥ የሚል ሰው አይጠፋም። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 312 ጊጋባይት ለመላክ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ስድስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ለመመረቂያ ጽሑፉና ለሰንጠረዦቹ ግን ግሩም መንገድ ነው።

ዲስኩን ስንገዛና ስንሞላ

ውጫዊ ዲስክ ሲገዛ በሚሽከረከረውና በኤስኤስዲው መካከል የሚመረጠው እንደ አጠቃቀሙ ነው። ተሸክመነው የምንዞረው ኤስኤስዲ ቢሆን መውደቅን በተሻለ ይቋቋማል። በቁም ሣጥን የሚቀመጠው የሚሽከረከር ቢሆን ዋጋው ይቀላል፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ መቀመጥ አይስማማውም። በገበያ ላይ በማይታመን ርካሽ ዋጋ “ባለ 2 ቴራባይት” ተብለው የሚሸጡ ሐሰተኛ ዲስኮችም አሉ። ኮምፒዩተሩ ትልቁን ቁጥር ያሳያል፤ እውነተኛው መጠን ሲያልፍ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጨርሶ አይቀመጥም። ስሙ ይታያል እንጂ ቪዲዮው አይከፈትም። H2testw የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ይገልጣል። ሰዓታት ቢወስድም ምንም ፋይል ሳንጭን መፈተኑ ይመረጣል።

ሌላው የሚያደናግረው “ፋይሉ ለዲስኩ በጣም ትልቅ ነው” የሚለው መልእክት ነው፤ ባዶ ቦታ እያለ ይመጣል። ምክንያቱ ዲስኩ FAT32 በተባለው አሠራር መዘጋጀቱና ይህም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አለመቀበሉ ነው። በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ስፍራ አውጥቶ በ exFAT እንደገና ማዘጋጀት መፍትሔው ነው።

ተማሪዋ በቀጣዩ በጋ ወደ ተራራው ተመልሳለች። በዚህኛው ጉዞ ቆርጣ አታዛውርም፤ ትቀዳለች። በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 110 ሜጋባይት ሲያልፍ ጠቅላላ ቀረጻው 47 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚፈጅ በየሳምንቱ መቅዳት አልከበዳትም። ከቀዳች በኋላ የሁለቱን ማኅደሮች የፋይል ብዛትና የባይት ድምር ታስተያያለች፤ ሦስት አራት ቪዲዮዎችንም ከመካከላቸው ከፍታ ታያለች። ይህን በሁለቱም ዲስኮች ላይ ሳታደርግ ከላፕቶፑ አንድም አትሰርዝም። አንደኛው ዲስክ ከእርሷ ጋር ካምፕ ውስጥ ሲሆን ሁለተኛው ደባርቅ ከተማ በአንድ ዘመዷ ቤት ተቀምጧል።