«ደብቀዋል» ለሚል የኢንሹራንስ ደብዳቤ መልሱ ከቅጹ ይጀምራል

ካሳ ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ከኢንሹራንስ ኩባንያ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ የሚከፋው ክፍያው ቀንሷል የሚለው አይደለም። «ውሉን ስንዋዋል ልናውቀው የሚገባንን ነገር ደብቀውናል፤ ስለዚህ ክፍያ የለም» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ገንዘብ ይከራከራል፤ ይኛው ግን ውሉን ከሥሩ ይነቅላል፣ ሰውየውንም ዋሾ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ተናድዶ ወደ ቅርንጫፉ ይሄዳል። ለዓመታት አረቦን ሳያስተጓጉል መክፈሉን፣ ወኪሉ ቤቱ ድረስ መጥቶ እንደሚያውቀው፣ አንዳች ነገር እንዳልደበቀ ይናገራል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለክሱ ግን መልስ አይሆንም። ክሱ የሚለው በአንድ የታወቀ ቀን፣ በአንድ የታወቀ ወረቀት ላይ ስህተት ወይም ጎደሎ ነገር ተጽፏል ነው። ወረቀቱ ሰዎች ፕሮፖዛል ፎርም የሚሉት የመድን ጥያቄ ማቅረቢያ ቅጽ ነው። መልሱም ከዚያ ወረቀት ተነሥቶ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችን የኢንሹራንስ ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከዚያ ሕግ ብዙውን ክፍል ቢተካም የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም። አንቀጽ 667 መድን የሚገባው ሰው ኩባንያው የሚረከበውን ስጋት በትክክል እንዲመዝን የሚያስችሉትን፣ እሱ የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች እንዲገልጽ ያዛል። ይህ ግዴታ ሳይፈጸም ሲቀር የሚከተለውን ደግሞ አንቀጽ 668 በሁለት መንገድ ይከፍለዋል። ሰውየው ሆን ብሎ ደብቆ ወይም ዋሽቶ ከሆነና ኩባንያው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ውሉን የማይገባ ወይም በሌላ ሁኔታ የሚገባ ከነበረ፣ ውሉ ዋጋ ያጣል፤ የተከፈለው አረቦንም አይመለስም። ሆን ተብሎ ያልተደረገ ከሆነ ግን ውሉ ይጸናል። ጉድለቱ የታወቀው ከአደጋው በኋላ ከሆነ ካሳው በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት አረቦን መካከል ባለው ልዩነት መጠን ይቀንሳል እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ «ደብቀዋል» የሚለው አንድ ቃል ውስጡ ቢታይ ሦስት ጥያቄዎች አሉበት። ሰውየው ነገሩን ያውቅ ነበር? ሳይገልጽ የቀረው ሆን ብሎ ነው? ኩባንያው ቢያውቅስ የተለየ ውሳኔ ይሰጥ ነበር? ማስረዳት ያለበት ማን ነው ቢባል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 ግዴታ አለብህ የሚል ግዴታው መኖሩን፣ ግዴታው ፈራሽ ነው የሚል ደግሞ ያፈረሰውን ምክንያት እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ፖሊሲውንና የደረሰበትን ጉዳት ያሳየ ሰው የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ድብቅነቱን ማሳየት የኩባንያው ድርሻ ነው።

መልስ ከመጻፍ በፊት ግን የኩባንያውን ፋይል መጠየቅ ይቀድማል። በጽሑፍ፣ ግልባጩ ላይ ገቢ አስመትቶ፣ የሚከተሉትን መጠየቅ ነው፦ የተፈረመበት ቅጽ ከነአባሪዎቹ፣ ውሉ ሳይጸና በፊት የኩባንያው ባለሙያ ቦታውን አይቶ ከሆነ ሪፖርቱ፣ በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም አረቦኑ የተሰላበት ወረቀት። ከእነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ተደበቀ የተባለው ነገር የትኛው ነው፤ በቅጹ የትኛው ተራ ቁጥር ላይ ነው የተደበቀው? ብዙ የውድቅ ደብዳቤዎች «ጠቃሚ መረጃ አልገለጹም» ብለው ያልፋሉ። ተራ ቁጥር ሲጠየቁ ግን ወይ ክሱን ያጠራሉ፣ ወይ ይተዉታል። ኩባንያው ሰነዶቹን አልሰጥም ቢል እንኳ ጥያቄው በከንቱ አይቀርም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ወይም ግልግል ሲደርስ ሰነዱ እንዲቀርብ ትእዛዝ ለማስሰጠት መነሻ ይሆናል።

ለማሳያ ብለን አንድ ጉዳይ እናዘጋጅ። አዳማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ለሱቁ የእሳት መድን የገባው በመስከረም 2014 ነው። ሁለት ጊዜ ከታደሰ በኋላ ሱቁ በግንቦት 2016 ተቃጠለ፤ ጉዳቱ 2 ሚሊዮን ብር ተገመተ። ኩባንያው ሦስት ምክንያት ጠቅሶ አልከፍልም አለ። ነጋዴው ከዚህ በፊት የደረሰበትን ቃጠሎ አልተናገረም፤ ቀለምና ቲነር እንደሚሸጥ ደብቋል፤ ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘን የእንጨትና የጭቃ ቤት ሆኖ ሳለ ብሎኬት ነው ብሏል።

የመጀመሪያው ክስ ቅጹ ሲታይ ይወድቃል። ተራ ቁጥር 7 የሚጠይቀው «ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ በእሳት ጉዳት ደርሶብዎታል?» ብሎ ነው። ነጋዴው «የለም» ብሏል። የቀድሞው ቃጠሎ የደረሰው በጥር 2010 ነበር፤ ቅጹ የተሞላው በመስከረም 2014 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ቢቆጠር መስከረም 2011 ላይ ይቆማል። መልሱ ትክክል ነበር። ኩባንያው ራሱ ሦስት ዓመት ብሎ ከወሰነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ለውሳኔው አልፈለገውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄውን ትቶ ስለ ቃጠሎው ታሪክ መተረክ ሲጀምር ነው። መልሱ የሚመዘነው ከጥያቄው ቃል ጋር ነው፤ ስለዚህ የጥያቄው ቃል ሳይጎድል መገልበጥ አለበት።

ሁለተኛው ክስ የሚፈታው በአባሪው ነው። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ቦታ የተጻፈው «የሕንፃ መሣሪያ» ብቻ ነው፤ ጽሑፉም የወኪሉ እጅ ነው። ከቅጹ ጋር የተያያዘው የዕቃ ዝርዝር ግን በ9ኛው ተራ «ቀለምና ቲነር፣ 180,000 ብር» ይላል፤ የኩባንያው የገቢ ማኅተምና ቀንም አለበት። ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ የተጻፈን ነገር ኩባንያው አላውቅም ሊል አይችልም። ወኪሉ በዋናው ቅጽ ላይ ለምን አላሰፈረውም የሚለው የኩባንያው የቤት ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የኢንሹራንስ ወኪል የሚሠራው ኩባንያውን ወክሎ ነውና። ሥራውን ያከናወነው ደላላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ደላላ የሚቆመው ለመድን ገቢው ነው።

ሦስተኛው ክስ ከባድ ነው፤ እውነት አለበትና። የግድግዳ ጥያቄው «ብሎኬት»፣ «እንጨትና ጭቃ»፣ «ሌላ» የሚሉ ሳጥኖች አሉት። ምልክት የተደረገው ብሎኬት ላይ ብቻ ነው። ሱቁ በእርግጥ ብሎኬት ነው፤ መጋዘኑ ግን አይደለም። ነጋዴው ይህን ቢክድ የሁለቱን መልካም መልሶች እምነት ያጎድላል። የሚሻለው እውነታውን ተቀብሎ ሆን ብሎ አለማድረጉን ማሳየት ነው። ቅጹ ስለ ሕንፃው በነጠላ ይጠይቃል፤ መጋዘን ለብቻው የሚገለጽበት ቦታ የለውም፤ ምልክቱን ያደረገው ከፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ብቻ ያየው ወኪል ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ሒሳብ ይዞራል። ኩባንያው በዚያን ጊዜ በሚሠራበት የአረቦን ተመን መጋዘኑ ቢታወቅ ስንት ያስከፍል ነበር? መልሱ በዓመት 30,000 ብር ነው እንበል፤ ነጋዴው የከፈለው 24,000 ነው። የከፈለው ከሚገባው አምስት እጅ አራቱን ነው። ቅነሳው በዚሁ ልክ ከተሠራ ካሳው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይሆናል። ዜሮ አይሆንም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያነሣው አንድ መከራከሪያ አለ፦ «እሳቱ እኮ ከመጋዘኑ አልተነሣም!» የሚል። ይህ ያን ያህል አይረዳም። ሕጉ የሚመዝነው ኩባንያው ስጋቱን ሲቀበል ምን ያውቅ እንደነበረ ነው፤ አደጋው ከየት ተነሣ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በዚያው ልክ ኩባንያውም የጊዜን ነገር ማደባለቅ የለበትም። ነጋዴው ቲነር መሸጥ የጀመረው ውሉ ከተፈረመ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ ቅጹ ሲሞላ ያልነበረን ነገር ደብቀሃል ሊባል አይችልም። ስጋት ሲጨምር የማሳወቅ ግዴታ አለ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ክስ ስለሆነ ኩባንያው ለይቶ ማቅረብ ይኖርበታል።

የመልስ ደብዳቤው እንግዲህ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ክስ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፤ በአንቀጹም መጀመሪያ የኩባንያው ቃል፣ ቀጥሎ የቅጹ ጥያቄ፣ ከዚያ የተሰጠው መልስ፣ በመጨረሻ በዚያን ቀን የነበረው እውነታ ከነማስረጃው ይሰፍራል። ለመጀመሪያው ክስ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የቀድሞ ቃጠሎ አልተገለጸም ብላችኋል። ቅጹ በተራ ቁጥር 7 የጠየቀው ባለፉት 3 ዓመታት ስለደረሰ ጉዳት ነው። የጠቀሳችሁት ቃጠሎ የደረሰው በጥር 2010 ስለሆነ መልሴ ትክክል ነበር። የፖሊስ ማስረጃውን አያይዣለሁ።» ስድብም ልመናም የለበትም። መደምደሚያው የሚጠየቀውን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ሁለቱ ክሶች እንዲነሡ፣ ለሦስተኛው የተመን ስሌቱ እንዲቀርብና ካሳው በዚያ ልክ እንዲከፈል።

ቅጹ ሁልጊዜ ለመድን ገቢው አይመሰክርም። ከግርጌው «የሰጠሁት መልስ እውነት ነው፤ የውሉም መሠረት ይሆናል» የሚል ቃል አለ፤ ፊርማውም ከዚያ ሥር ነው። ባዶ ቅጽ ፈርሞ ወኪሉ እንዲሞላው የሰጠ ሰው ያንን ቃል ማስተባበል ይቸግረዋል። ወኪሉ ትክክለኛውን መልስ ተነግሮት ሌላ እንደጻፈ የሚያሳይ መልእክት ወይም ምስክር ያስፈልገዋል። ያልተጠየቅሁትን አልናገርም ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንቀጽ 667 ግዴታውን በቅጹ ጥያቄዎች ላይ ብቻ አልወሰነውም። ያልተጠየቀ ነገር ሳይገለጽ መቅረቱ ሆን ብሎ አለመሆኑን ለማሳየት ግን ብርቱ ማስረጃ ነው። ኩባንያው ባዶ የተተወ መልስ አይቶ ሳይጠይቅ አረቦን ተቀብሎ ከሆነም፣ «ተታለልኩ» የሚለው ክርክሩ ይላላል።

በደብዳቤ ሲመላለሱ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያሻል። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ክስ በንግድ ሕጉ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ብዙ ፖሊሲዎችም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት እንዲታይ የሚል አንቀጽ፣ አንዳንዶቹም ከውድቅ ደብዳቤው ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ቀነ ገደብ አላቸው። ስለዚህ መልሱ በተላከበት ሳምንት ፖሊሲውን አንብቦ ቀኑን መቁጠር፣ ወይም ለጠበቃ ማሳየት ይገባል። ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ አቤቱታ ለዚያም ማቅረብ ይቻላል፤ አቤቱታው ግን የክስ ጊዜውን ያቆመዋል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆነው ሥራ የሚሠራው ቅጹ በሚፈረምበት ቀን ነው። ባዶ የቀረው ቦታ ሁሉ ወይ ይሞላል፣ ወይ መስመር ይሰመርበታል። በሳጥኖቹ የማይገለጸው ነገር ለብቻው በወረቀት ተጽፎ ይያያዝና ገቢ ይመታበታል። ከዚያ ገጽ በገጽ፣ አባሪውም ሳይቀር፣ በስልክ ፎቶ ይነሣል። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስም አምና የተጻፈው ዛሬም እውነት መሆኑን ከፎቶው ጋር ማስተያየት ነው፤ የተለወጠ ነገር ካለ በዚያው ቀን በደብዳቤ ይገለጻል።