ከማን ሰማህ?

ከድብ ባሕር ተነሥቶ ጎንደር ለሚገባ የአብነት ተማሪ መንገዱ በሊማሊሞ ሽቅብ ይጀምራል። ጣልያን የሠራውን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ጎንደር ይገባል። ድሮ በእግር ነበር፤ ዛሬ ሳንቲም ያገኘ በመኪና ይሄዳል። የአቋቋም መምህሩ ደጅ ሲደርስ ግን በመኪናም መጣ በእግር የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው። የኔታ ሰላምታውን ተቀብለው፣ አገሩንና የአባቱን ስም ሰምተው፣ «ድጓ ከማን ተማርህ? የት አስመሰከርህ?» ይሉታል።

ተማሪው የቦታ ስም ይጠራል፤ የመምህሩን ስም ያስከትላል። የኔታ ስሙን ካወቁት የመምህሩንም መምህር ሊጠይቁ ይችላሉ። ተማሪው ወረቀት አያወጣም፤ ቢያወጣም ወረቀቱን ማየት የመጨረሻው ነገር ነው። «እስኪ በል» ይሉትና ከድጓው አንድ ቦታ ጠርተው ያስጀምሩታል። ዐይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ያዳምጣሉ። ጥቂት እንደ ሄደ የተማረበት ቤት ይታወቃል፤ ምክንያቱም ድጓ በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይነት አይባልም። የቤተልሔም አለ፣ የቆማ አለ፣ የአጫብር አለ። ቃሉ ያው ሆኖ የዜማው መነሻና አወራረድ፣ ድምፁ የሚታጠፍበትና የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። የቤተልሔምን ለምዶ የኖረ ጆሮ ሌላውን ወዲያው ይለየዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው የተማረውን በአካባቢው መምህር ዘንድ ጨርሶ ሲያበቃ፣ ለዚያ ሙያ አድራሽ ተብሎ ወደ ታወቀ ጉባኤ ሄዶ እንደገና ይፈተናል። ይህ ጉባኤ ምስክር ቤት ይባላል። ለድጓ በደቡብ ጎንደር ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ናት። ለዝማሬና ለመዋስዕት እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አምባ ነው። ለቅዳሴ በትግራይ ሽሬ በኩል ደብረ ዓባይ፣ ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር በአታ። አንድ ሰው ሙያውን ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ሊያስመሰክር አይችልም፤ መዞር አለበት። የድብ ባሕር ልጅ በዚህ ረገድ መካከል ላይ ተቀምጧል። ቁልቁል በዛሪማና በአዲ አርቃይ ቢሄድ ወደ ደብረ ዓባይ ያደርሰዋል፤ ሽቅብ ቢወጣ ጎንደርን፣ ከዚያም አልፎ ጋይንትን ያገኛል። ከፊደልና ከዳዊት በኋላ ያለው የወጣትነት ዕድሜው በእነዚህ መንገዶች ላይ ያልቃል። በየመንደሩ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ይከላከላል፤ ሌሊት በጎጆው ቀን የሰማውን በቃሉ ይወጣል።

ለምን እንደገና መፈተን አስፈለገ? መልሱ ያለው በድጓው ገጽ ላይ ነው። ድጓ ሲጻፍ ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደልና በጭረት ምልክት ይደረግበታል። ባህሉ የዜማውን ድርሰት ለቅዱስ ያሬድ፣ የምልክቱን ሥርዓት ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የተባሉት የድምፅን አካሄድ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ ግን በጣም ብዙ የፊደል ምልክቶች አሉ። እነዚህ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው የዜማ ሐረግ ላይ የተቀነሱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ናቸው፤ «እዚህ ላይ ያንን ሐረግ እንደምትለው በል» ማለት ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ባሳተሙት ባለ 3 ጥራዝ ሥራ ከ500 በላይ ምልክቶችን መዝግበዋል።

እንግዲህ ሐረጉን ከመምህር አፍ ሰምቶ ያላጠና ሰው ምልክቱን ቢያይ ፊደል ብቻ ነው የሚያየው። ዜማው አይነሣለትም። ሐረጉን አጣሞ የሰማ ደግሞ፣ ያ ምልክት በዓመቱ መጽሐፍ ውስጥ በመጣበት ቦታ ሁሉ ያንኑ ጠማማ ይደግመዋል። አንዲት ስሕተት በመቶ ቦታ ትገባለች። መጽሐፉ ሊያርመው አይችልም፤ መጽሐፉን የሚያነበው በራሱ ስሕተት ነውና። አራሚ የሚሆነው ዜማውን በትክክል የሰማ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ቤተልሔም የሚሄድ ተማሪ ባዶ እጁን አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጻፈውን ድጓ ይዞ ነው። ድጓ መጻፍ የትምህርቱ አካል ሆኖ ኖሯል፤ ቃሉን ጽፎ፣ በላዩ ምልክቱን አኑሮ፣ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። እዚያ ሲደርስ የሚጠራው ተማሪ ተብሎ ነው፤ በአገሩ መሪጌታ ቢባልም እንኳ። ከጉባኤው ተቀምጦ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይላል። መምህሩ ወይም ከመምህሩ በታች ያለው ነባር ተማሪ ይሰማዋል። ስሕተት ሲገኝ ሁለት ነገር ይታረማል፦ ድምፁና ገጹ። ምልክቱ በአንድ ፊደል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ተጽፎ ከሆነ ይፋቃል፤ በቦታው ይጻፋል። ለዚህ ነው አሮጌ የተማሪ ድጓዎች በፋቅና በጣልቃ ጽሑፍ የተሞሉት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለቅርስ ሰብሳቢ የቆሸሸ ሊመስለው ይችላል፤ ለመምህር ግን ከንጹሑ ይልቅ የታመነ ነው፤ መታረሙን ያሳያልና።

መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ከተባለና ከታረመ በኋላ መምህሩ ይመርቁታል። ምርቃቱ ጸሎትም ፈቃድም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው በአገሩ ጉባኤ ተክሎ «ከእገሌ ሰምቻለሁ» ብሎ ማስተማር ይችላል፤ ተማሪው ቢሳሳት የሚጠራው የመምህሩ ስም ስለሆነ መምህሩም ምርቃቱን በቀላሉ አይሰጡም። ፈቃዱ ግን ለድጓ ብቻ ነው። ድጓ ያስመሰከረ ሰው ጎንደር መጥቶ አቋቋም ቢጀምር እንደገና ታች ተቀምጦ ይጀምራል። ቁም ዜማውን፣ በመቋሚያ የሚወዘወዝበትን ዝማሜ፣ ከዚያ ከበሮና ጽናጽል የሚገባበትን መረግድ፣ ጽፋቱንና ወረቡን፣ መጀመሪያ በወር በዓላት፣ ቀጥሎ በዓመት በዓላት ይማራል።

የአቋቋም መምህሩ መጀመሪያ ድጓውን የሚያስብሉት ለዚህ ነው። ድጓው ካልጸና መቋሚያው የሚቆምበት አያገኝም። ከሁለት ቤት የተቀላቀለበት ተማሪ ሲያጋጥማቸው፣ መነሻውን የቤተልሔም አድርጎ ማሳረፊያውን ከሌላ ቤት የወሰደ ማለት ነው፣ አይቆጡም፤ ቦታውን ይነግሩትና ወደ ኋላ ይመልሱታል። ይህ ለተማሪው ከባድ ነው። ዓመታት የለፋበትን ማፍረስ ይሆንበታልና። ነገር ግን በክብረ በዓል ሌሊት መቶ መዘምራን በሁለት ወገን ቆመው ሲመላለሱ፣ ከመካከላቸው አንዱ በሌላ ቦታ ቢያርፍ ማኅሌቱ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ስሕተቱ የአንድ ተማሪ መሆኑ ይቀርና የጉባኤው ይሆናል።

ይህ ጥብቅነት ዋጋ አለው። ስለ አለቃ ገብረ ሐና የሚተረከው ታሪክ ዋጋውን ያሳያል። ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ በሙያቸው ግን ጎንደር በአታ ያገለገሉ፣ አቋቋምን እስከ ጥጉ የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። በጣና ዳር ማዕበሉና ደንገሉ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የመቋሚያ አወዛወዝ እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም፤ ከማንም ያልተሰማ ነዋ። አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ የራሱ መምህራን፣ የራሱ ተማሪዎች አሉት፤ ከላይ ቤትና ከታች ቤት የጎንደር አቋቋም ጎን ቆሟል። አዲሱ ነገር የተረፈው በክርክር ስላሸነፈ አይደለም፤ የሚቀበለው አንድ ተማሪ ስላገኘ ነው። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ «ከማን ሰማህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚጠራ ስም አገኘ። ጎንደርም ተሳስታ ነበር ማለት አይቻልም። ያልተሰማውን ሁሉ የምትቀበል ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የተሰማውም አይገኝም ነበር።

በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ደረሳው በሸኹ ፊት ኪታቡን ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበላል፤ በኢጃዛው ላይ ሸኹ ከማን እንደ ቀሩ፣ የእሳቸውም ሸኽ ከማን እንደ ቀሩ ስሞቹ ሊዘረዘሩ ይችላሉ። እዚያ ሰንሰለቱ ይጻፋል፤ በድጓ ቤት ግን በአፍ ይጠራል። ፈቃዱ ለተቀራው ኪታብ መሆኑ፣ ሰጪውም ተቋም ሳይሆን ሰው መሆኑ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሊማሊሞ በኩል ወደ ተከዜ የሚወርደው መንገድ የጦር መንገድ ሆነ። ወደ ደብረ ዓባይ ለመሻገር ያሰበ የሰሜን ጎንደር ተማሪ መቅረት ነበረበት። ምስክር ቤት ከሰው የተሠራ በመሆኑ ዋናው ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፍ ገልብጦ ማሸሽ ይቻላል፣ መምህርና ተማሪን የሚያገናኝ መንገድ ሲዘጋ ግን የዚያ ዘመን ተማሪ ያልታረመ ሆኖ ይቀራል። በአገሩም ያልታረመውን ማስተማር ይጀምራል፤ ቤተሰብ ይመሠርታል፤ መንገዱ ሲከፈት ተመልሶ ለመሄድ ዕድሜው አይፈቅድለትም።

በዚህ ጊዜ ስልክ ብዙ ረድቷል። ተማሪው የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ ሌሊት ይሰማል፤ ጎጆው ውስጥ ብቻውን ሆኖ የጠፋበትን ቦታ ያገኛል። አንዳንድ መምህራን አይወዱትም፤ ሌሎች ራሳቸው «ቅዳው» ይላሉ። የሚጠቅመው ግን ሐረጉን አንድ ጊዜ በመምህሩ ፊት ብሎ ለታረመ ተማሪ ነው። ከቅጂ ብቻ የተማረ ልጅ ጎንደር ሲመጣ መምህሩ የሚያውቁት በአንድ ነገር ነው፦ ዜማው ልክ ሆኖ ሳለ ከመካከል ቢያስቆሙትና «ከዚህ ጀምር» ቢሉት ምልክቱን አይቶ መነሣት ያቅተዋል። ቅጂው እንደሚሄደው ከመጀመሪያው እንደገና ይነሣል። የኔታ እንዲህ ያለውን ተማሪ አይመልሱትም። ስልኩን ያስቀምጥና ከነባሮቹ አንዱ ጎን ይቀመጣል፤ ነባሩ ከየትም ቦታ እየጀመረ ያስብለዋል፤ በሳምንት ውስጥ ምልክቱ መናገር ይጀምርለታል።