ትዳር ሲፈርስ ለዘመድ የሚነገረው ቃል፦ ሐሜት ከመቅደሙ በፊት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አካባቢ አንዲት ሚስት ጓዟን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ብትሄድ ነገሩ በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ በአገሩ ልማድ መልክ ያለው ነገር ነው። ሚስት ተቀይማ ትሄዳለች፣ ባል ሽማግሌ ይልካል፣ ወላጆች ትንሽ ያስለምናሉ፣ የበደለው ይክሳል፣ እርሷም ትመለሳለች። ለዚህም ነው ሁለት ሰዎች ለመለያየት ቆርጠው ሳለ ዝም ካሉ፣ ዘመድ ዝምታቸውን ኩርፊያ ነው ብሎ የሚተረጉመው። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ እናት ልጇን «ተመለሽ» ትላለች፣ መንደሩም ምክንያቱን ከራሱ እየፈጠረ ማውራት ይጀምራል።

ከመለያየት በኋላ የሚመጣው ሐሜት ብዙውን ጊዜ የሚያድገው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዘመድ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል የመለያየቱን ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ይህ ኩርፊያ ነው ወይስ መለያየት የሚለውን ብቻ ለይቶ ማስታወቅ ይበቃዋል።

ዘመድ ለምን ይቀየማል?

ብዙ ተለያዮች «ትዳሩ የእኔ፣ ውሳኔው የእኔ፤ ዘመድ ምን አገባው?» ይላሉ። የሽማግሌዎቹን ቅሬታ ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት፣ በምስክርና በውል የሚፈጸም ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ፍቺን የማየት ሥልጣን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ከባድ ምክንያት ያለውንና የሌለውን ይለያሉ፣ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፣ ካልሆነም ፍቺውን ይወስናሉ።

ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአማራ ክልል ደግሞ በ1995 ዓ.ም በጸደቀው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ዛሬ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የሽማግሌው ድርሻ ማስማማትና ማስታረቅ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ ምክንያታቸውን እንዲገልጹ እንደማይገደዱም ይናገራል።

ሕጉ ቢለወጥም ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች የሚያስታውሱት ያንን ዘመን ነው። እነርሱ የቋጠሩት ትዳር መፍረሱን ከገበያ ሲሰሙ ክብራቸው የተነካ ይመስላቸዋል። የተቀየመ ሽማግሌ ደግሞ ለሐሜት በር ይከፍታል፤ «እኛንም አላማከሩን» የሚለው ቃል መንደሩን ሁሉ ያዞራል። በአንጻሩ ቀድሞ የተነገረው ሽማግሌ «ነገሩን እናውቀዋለን፤ በወግ ነው የተለያዩት» ብሎ ወሬውን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አጋቢ ሽማግሌዎች የሚነገራቸው ፈቃድ እንዲሰጡ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው።

በማን ይጀመር?

ለምሳሌ ያህል በመንዝ ጌራ ምድር በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት ለመለያየት ተስማሙ እንበል። ሁለት ልጆች አሏቸው። የሚስት እናት በዚያው ቀበሌ፣ ታላቅ ወንድሟ ደብረ ብርሃን፣ የባል እናት ደግሞ ከወንዝ ማዶ ይኖራሉ። ሁለቱም የማኅበርና የዕድር አባላት ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለቱ የሚናገሩትን አንድ ቃል ይስማማሉ። ቃሉ አጭር መሆን አለበት፦ «ተነጋግረን ተለያይተናል፤ ኩርፊያ አይደለም። ልጆቹን ሁለታችንም እናሳድጋለን።» ከዚህ በላይ የሚጨመር የለም። ባል አንድ ነገር፣ ሚስት ሌላ ነገር ካወሩ ሰሚው ሁለቱን ያነጻጽራል፤ በልዩነቱ ውስጥም ሦስተኛ ታሪክ ይፈጠራል።

ቀጥሎ የሚነገራቸው ልጆቹ ናቸው። የጎረቤት ልጅ በእረኝነት ላይ ወይም በትምህርት ቤት ቀድሞ ከነገራቸው ነገሩን እንደ ውርደት ይቀበሉታል። ከወላጆቻቸው ሲሰሙት ግን፣ የት እንደሚያድሩና ማን እንደሚያስተምራቸው አብረው ከሰሙ፣ ለጓደኞቻቸው የሚመልሱት ቃል ይኖራቸዋል።

ከዚያ ሚስት ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ባልም ወደ እናቱ። እናት ደንግጣ ልታለቅስ፣ «ሰው ምን ይለናል?» ልትል ትችላለች። በዚያች ሰዓት መከራከር አይጠቅምም። «እማዬ፣ ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁ፤ ዛሬ እንድትወስኚልኝ አይደለም» ማለት ይበቃል። እናት የምታከብረው አንድ አጎት ወይም አክስት አብሮ ቢገኝ ድንጋጤው ይቀላል፤ እንግዶቹ ሲሄዱም ብቻዋን አትቀርም።

በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ላለው ወንድም ስልክ ይደወላል። ስልክ ከእግር ይፈጥናል፤ ወንድም ከጎረቤት ከሰማው እንደ ባዕድ መቆጠሩ ይሰማዋል፣ ተቆጥቶም ወደ አማቹ ሊደውል ይችላል። ስለዚህ ከእህቱ አፍ ሲሰማ «ምንም ከማለትህ በፊት እኔን ጠይቀኝ» የሚለውን ቃል ጭምር ሊሰማ ይገባል።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው፣ ካልቻሉም በየተራ፣ ወደ አጋቢ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። «አባቶቼ፣ ያጋባችሁን እናንተ ናችሁና ከሌላ ሰው እንድትሰሙት አልፈለግንም። የተበዳደልነውን አንዘረዝርም፤ ንብረቱንና ልጆቹን በሰላም እንድንካፈል ግን እንድትረዱን እንለምናለን።» ይህ ቃል ሽማግሌውን ያለ ሥራ አያስቀረውም፤ ከማስታረቅ ወደ ማስማማት ያሻግረዋል። አባቶች አንድ ጊዜ ልታረቁ ብለው ቢጠይቁ ማድመጥ ወግ ነው። ሁለቱም ቆርጠው ከሆነ ግን «እናስብበታለን» ማለት አይገባም። ያ ቃል እንደ ተስፋ ይቆጠራል፣ ሽማግሌውም ሲመላለስ ይከርማል።

የንስሐ አባት ጉዳይ ለብቻው ነው። በሰማንያ የተጋባና በቁርባን የተጋባ ሰው በቤተ ክርስቲያን ፊት አንድ አይደሉም። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው በሕግ ፊት ያለውን ጋብቻ ስለሆነ፣ በቁርባን የተጋቡት ቀጣዩን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር አለባቸው።

ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። ድብደባ ወይም ማስፈራሪያ ካለ ውሳኔውን ቀድሞ ለባል ቤተሰብ ማስታወቅም፣ አብሮ ሽማግሌ ፊት መቅረብም አደጋ አለው። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ደኅና ቦታ መሄድ፣ ከዚያም ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቀድማል። ለዘመድ መንገሩ በኋላ ይደርሳል።

መለያየቱ የሚገለጥባቸው ቀናት

ብዙዎች «ባሌ ለሥራ ሄዷል»፣ «ሚስቴ እናቷን ልታስታምም ወርዳለች» በማለት ጊዜ ለመግዛት ይሞክራሉ። በደጋው ኑሮ ግን ይህ ሰበብ ረጅም ዕድሜ የለውም። ለቅሶ ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል፣ የማኅበር ተራ ይደርሳል። ጠላውንና ዳቦውን አዘጋጅቶ ጽዋውን የሚቀበለው ቤት ባዶ ሲሆን፣ መለያየቱ ብቻ ሳይሆን ውሸቱም ይገለጣል። ሰው ከመለያየቱ ይልቅ ውሸቱን ያወራል።

ስለዚህ ተራው ከመድረሱ በፊት ለማኅበሩ ሙሴ መንገር ይገባል። ተራውን ማን እንደሚወጣ፣ ሁለቱም በማኅበሩ ይቀጥሉ እንደሆነ ያን ጊዜ ይወሰናል። ዕድርም እንዲሁ ነው። በብዙ ዕድሮች አባልነቱ የሚመዘገበው በአባወራው ስም በመሆኑ፣ የተለየች ሴት ወላጇ ሲሞት ድንኳንና ቀባሪ ማጣቷን የምታውቀው በለቅሶው ቀን ይሆናል። ለዕድሩ ዳኛ ነግሮ በራስ ስም መመዝገብ ይህን ይከላከላል፤ በዕድር ውስጥ በስሙ የተጻፈ ሰው ከማኅበረሰቡ እንዳልወጣም ይታያል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሁለቱም ስም ከሆነ ደግሞ፣ «ቤቱን ጥላ ስለሄደች ድርሻ የላትም» የሚለው ወሬ መብትን አያስቀርም።

ለሐሜት የሚሰጥ መልስ

ቡና ላይ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አዝኖ የሚጠይቅ አለ፤ ለእርሱ «አዎ፣ ተለያይተናል፤ ደኅና ነኝ» ማለት ይበቃል። ምክንያቱን ለማውጣት የሚጠይቅም አለ፤ ለእርሱ መልሱ ያው አጭር ቃል ነው፣ ቢደጋግምም አይለወጥም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ በንዴት የተነገረ የባል ወይም የሚስት ጉድለት ተመልሶ አይያዝም። ንብረት ሲካፈሉ ይነሣል፣ ልጆቹም ጆሮ ይደርሳል። ሦስተኛው በአሽሙር የሚወጋ ነው። አሽሙር ቀጥተኛ ጥያቄን አይችልም፤ «የሰሙት ነገር ካለ ይንገሩኝ» ብሎ በረጋ ድምፅ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ያበርደዋል። የተወሰነ ሰው ሐሰት እየፈጠረ ስም የሚያጠፋ ከሆነ ግን መጀመሪያ ያ ሰው የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች መላክ ይሻላል። የወንጀል ሕጉም ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ ክስ መመሥረት ግን ወሬውን በአደባባይ እንደሚያስደግመው አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ነውሩ በወንድና በሴት ላይ የሚወድቀው በተለያየ መንገድ ነው። ሴቲቱ «ፈት» ተብላ ትጠራለች። ባል የሌላትን ሴት ለመግለጽ ይነገር የነበረው «ጋለሞታ» የሚለው ቃልም ዛሬ ስድብ ሆኗል። ከወንድ ጋር በመንገድ ቆማ ማውራቷ እንኳ ይቆጠርባታል። ወንዱ ደግሞ «ቤቱን መያዝ ያቃተው» ይባላል፤ እንጀራ ጋግሮ እንዳይታይ በሩን ይዘጋል፣ ጠላ ቤት ያመሻል፣ ስለ ልጆቹ ናፍቆት ለማንም አይናገርም። ለሁለቱም ይሉኝታው የሚበረታው ከሰው ሲርቁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚታመን አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶም መድረስ፣ የሰው ዐይን ሁኔታውን እንዲለምደው ያደርጋል።

ሆኖም እፍረቱ ከሐሜት አልፎ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጡ፣ ሥራ ካቃታቸው፣ ከቤት መውጣት ከተዉ፣ በተለይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመሩ፣ ነገሩ በምክርና በተግሣጽ አይመለስም። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ቀድመው የሚያስተውሉት አብረው የሚኖሩት ናቸውና፣ መለያየቱ ለእነርሱ በጊዜ መነገሩ ለዚህም ይጠቅማል።