አንድ ቢም፣ ሦስት መስመር

ለአነስተኛ ሕንፃ ጨረታ ሲወጣ ከፕላኑ ጋር የሚሰጠው የሥራና የዋጋ ዝርዝር፣ በሙያው አጠራር ቢኦኪው፣ ስድስት ዓምዶች አሉት፦ ተራ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነት፣ መለኪያ፣ መጠን፣ ነጠላ ዋጋ እና ጠቅላላ ዋጋ። እስከ መጠን ያለውን አሠሪው ይሞላል፤ ነጠላ ዋጋውን ተጫራቹ። ክርክር የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ መስመር የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር ባልተለየበት ቦታ ነው።

5 በ4 ሜትር የሆነች የጥበቃ ቤት እንውሰድ። በድንጋይ ግንቡ ላይ ዙሪያውን 18 ሜትር የሚሄድ፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግሬድ ቢም አላት። ቢሙ አንድ ቢሆንም በዝርዝሩ ላይ ሦስት መስመር ይይዛል። ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ ይለካል፤ 18 በ0.2 በ0.3 ሲባዛ 1.08 ይመጣል። ፎርምወርኩ በካሬ ሜትር ነው፤ ከሥር ግንቡ ስላለ የሚታሰበው የሁለቱ ጎን ብቻ፣ 10.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፌሮው በኪሎ ነው፤ አራት ባለ 12 ፌሮ 64 ኪሎ ገደማ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የሚታሰረው ባለ 8 ስታፋ ደግሞ 36 ኪሎ ያህል፣ በድምሩ ወደ 100 ኪሎ።

«ኮንክሪት ከነፌሮውና ከነፎርምወርኩ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ድካም ይቀንሳል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ተጀምሮ መሐንዲሱ «ባለ 12ቱ በባለ 14 ይቀየር» ሲል ነው። የተጨመረው 23 ኪሎ ገደማ ነው፤ ነገር ግን የኪሎው ዋጋ በውሉ ውስጥ ስለሌለ ድርድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። መስመሮቹ ተለይተው ቢሆን ኖሮ ማባዛት ብቻ ይበቃ ነበር።

ተጫራቹም በበኩሉ ነጠላ ዋጋው ምን ምን እንዳካተተ ማወቅ አለበት። መጠኑ ከፕላኑ ላይ እንዳለ የተለካ ነው፤ ተቆርጦ የሚጣለው ፌሮና የሚፈሰው ኮንክሪት ለብቻው አይከፈልም። ስለዚህ ብክነቱን፣ የሠራተኛውን፣ የመሣሪያውን፣ የአስተዳደሩን ወጪና ትርፉን ጨምሮ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ማስገባት የእሱ ፈንታ ነው። የኮንክሪቱ መስመር «ሲ-25፣ በሜትር ኩብ ቢያንስ 360 ኪሎ ሲሚንቶ» ካለ፣ ስሌቱ ከሰባት ከረጢት በላይ ሲሚንቶ ይዞ ይነሣል።

የጨረታ ሰነዶች የሒሳብ ስሕተትን የሚያርሙት በአብዛኛው ነጠላ ዋጋን ይዘው ነው። ለምሳሌ የፎርምወርኩ ካሬ በ800 ብር ተሞልቶ ጠቅላላው 6,840 ተብሎ ቢጻፍ፣ ትክክለኛው 8,640 ይወሰድና ተጫራቹ በዚያ ይወዳደራል። የነጥብ ቦታ በግልጽ ሲሳሳት ግን አስተያየት ይደረጋል። ባዶ የተተወ መስመር ደግሞ የባሰ ነው፤ ዋጋው በሌሎቹ መስመሮች ውስጥ እንደተካተተ ይቆጠርና ሥራው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል።