በወተት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ እንዴት ይቆጠራል?

በንጽሕና ያልተያዘ ጥሬ ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕያው ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሞተውን ከሕያው መለየት ስለሚያስቸግር፣ ቆጠራው የሚካሄደው ባክቴሪያውን በማራባት ነው። ናሙናው በአጋር በረጋ ምግብ ላይ ይቀባል፤ ሕያው የሆነው ባለበት ተባዝቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ፣ ማለትም ኮሎኒ፣ ይሠራል። ተጣብቀው ወይም ተሰካክተው ያረፉ ባክቴሪያዎች ግን ብዙ ሆነው ሳለ አንድ ኮሎኒ ብቻ ያወጣሉ። ስለዚህ ውጤቱ የሚገለጸው በባክቴሪያ ቁጥር ሳይሆን «ኮሎኒ ፈጣሪ አሃድ» በሚባል መለኪያ ነው።

ወተቱ እንዳለ ቢቀባ ኮሎኒዎቹ ተደራርበው አይለዩም። በመሆኑም አስቀድሞ ደረጃ በደረጃ ይቀጥናል። ከወተቱ 1 ሚሊ ሊትር ተወስዶ፣ ከጀርም የጸዳ 9 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ፈሳሽ ባለበት ቱቦ ውስጥ ይጨመርና በደንብ ይናጣል፤ ይህ አስር ጊዜ ቀጠነ ማለት ነው። ከዚህ ቱቦ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትር ወደሚቀጥለው 9 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ አሁን መቶ ጊዜ ቀጥኗል። በዚህ መንገድ አራተኛው ቱቦ አስር ሺህ፣ አምስተኛው መቶ ሺህ ጊዜ የቀጠነ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ቱቦ 0.1 ሚሊ ሊትር በሁለት ሁለት የፔትሪ ሳህን ላይ ተቀብቶ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ72 ሰዓት ይቀመጣል።

ከሦስት ቀን በኋላ የሦስተኛው ቱቦ ሳህኖች ለመቁጠር የማይመቹ ሆነው ተጨናንቀዋል እንበል። የአራተኛው 168 እና 152፣ የአምስተኛው 17 እና 14 ኮሎኒ አውጥተዋል። በተለመደው አሠራር የሚታመነው ከ25 እስከ 250 ኮሎኒ ያለበት ሳህን ስለሆነ፣ የሚወሰደው የአራተኛው ቱቦ ነው። አማካዩ 160 በ10,000 ይባዛል፤ ከዚያም ለተቀባው መጠን ይካፈላል።

160 × 10,000 ÷ 0.1 = 16,000,000

ዝቅተኛው ወሰን የተቀመጠው በዕድል ምክንያት ነው። ኮሎኒው ሲያንስ ቁጥሩ በአጋጣሚ የሚዋዥቅበት መጠን ከራሱ አንጻር ይገዝፋል። መዋዠቁ በግምት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው፦ 100 ኮሎኒ ላይ 10 ያህል፣ 4 ኮሎኒ ላይ ግን 2፣ ማለትም ግማሽ። 250ን ሲያልፍ ደግሞ ኮሎኒዎች ይጋጠማሉ፤ ምግብም ይሻማሉ፤ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል።

በስሌቱ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የተቀባውን መጠን መርሳት ነው። 160 በ10,000 ብቻ ሲባዛ 1,600,000 ይወጣል፤ ይህ በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው እንጂ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው አይደለም። አስር እጥፍ ያነሰ ቁጥር የተበላሸ ወተት ደህና ሊያስመስል ስለሚችል፣ ይህ ቀላል የሚባል መዘንጋት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ቱቦው ውስጥ ይጀምራል። 1 ሚሊ ሊትር በ9 ፈንታ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲጨመር ጠቅላላው 11 ይሆናል፤ ማቅጠኑም አስር ሳይሆን አስራ አንድ ጊዜ ነው። በአንድ ደረጃ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በአራት ደረጃ ግን 11 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 14,641 ይሆናል። በ10,000 ያሰላ ሰው 16 ሚሊዮን ሲል እውነተኛው 23 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው።

ከስሌቱ በፊት ሥራው ራሱ መሳቱን የሚጠቁመው የሳህኖቹ ዝምድና ነው። ተከታታይ ደረጃዎች አስር እጥፍ ያህል ሊለያዩ ይገባል፤ ከላይ 160 እና 15 ተኩል በቂ ቅርርብ አላቸው። በ16 ፈንታ 60 የሚያወጣ ቀጣይ ደረጃ ቢገኝ፣ ፒፔቱ ሳይቀየር ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ተሸጋግሯል ወይም ቱቦው በደንብ አልተናጠም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ባዶ ማቅጠኛ ፈሳሽ የተቀባበት ሳህን ኮሎኒ ካበቀለ ደግሞ ብክለቱ ከውጭ ነው፤ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

ውጤቱ ሲጻፍም ከሳህኑ የማይገኝ ዝርዝር መጨመር የለበትም። አማካዩ 163 ቢሆን እንኳ 16,300,000 ሳይሆን 16 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፋል፤ ከሁለት አሃዝ በላይ ያለው ትክክለኛነት በቆጠራው ውስጥ የለም። በተቃራኒው፣ ከመጀመሪያው ቱቦ 0.1 ሚሊ ሊትር የተቀባበት ሳህን ምንም ካላበቀለ «ዜሮ» አይባልም። አንድ ኮሎኒ ቢበቅል ኖሮ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ይሆን ነበርና፣ ትክክለኛው አጻጻፍ «ከ100 በታች» ነው።